ከ16 የሚጀምር ባለ 32 ሳብኔት የለም፦ አንድ የአድራሻ ብሎክ ለአራት ክፍሎች የተከፈለበት ጉዳይ

ድርጅቱ ትንሽ ነው። አራት የሥራ ክፍሎች አሉት፤ ሂሳብ፣ ቴክኒክ፣ ሽያጭ እና አስተዳደር። ኮምፒውተሩም፣ ፕሪንተሩም፣ የጠረጴዛ ስልኩም ሲደመር 98 መሣሪያ ነው። ሁሉም አንድ ኔትወርክ ላይ ነበሩ። አድራሻው 192.168.10.0/24 ነው። ለዓመታት እንዲሁ ሠርቷል፤ የከፋ ችግርም አልነበረበትም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት አጣ። ቆይቶ ምክንያቱ ታወቀ። ሽያጭ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ዋይፋይ እንዲጠነክርለት ብሎ ከቤቱ ትንሽ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር አገናኝቶታል። ያ ራውተር ማንም ሳያዘው ለሁሉም ክፍል የራሱን አድራሻ ማደል ጀመረ። ኔትወርኩ አንድ ስለሆነ ሽያጭ ክፍል የተሰካው ዕቃ ሂሳብ ክፍልን አስቆመ። ክፍሎቹ ይለያዩ የተባለው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቪላን፣ ማለትም በዚያው ገመድ ላይ ተለይቶ የሚቆም ኔትወርክ፣ እና የራሱ ሳብኔት፣ ማለትም ከአድራሻው ብሎክ የተቆረጠ ድርሻ፣ ቢኖረው ኖሮ ጉዳቱ ሽያጭ ክፍል ውስጥ በቀረ ነበር።

የአድራሻውን ክፍፍል አዲስ ለተቀጠረ ወጣት ባልደረባዬ ሰጠሁት። ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ፣ ቁጥር የማይፈራ ልጅ ነው። «ወረቀት ላይ ከፋፍለህ አምጣልኝ፤ ራውተሩን ከዚያ በኋላ እንነካዋለን» አልኩት። የሥራ አስኪያጁን ዝርዝርም ሰጠሁት። ሂሳብ 11፣ ቴክኒክ 27፣ ሽያጭ 54፣ አስተዳደር 6። አስተዳደር ሌላ ሕንፃ ላይ ነው፤ ከክፍፍሉ በኋላ የራሱ ራውተር ይኖረዋል። ስለዚህ በሁለቱ ራውተሮች መካከል ላለው መስመርም ትንሽ ሳብኔት ያስፈልጋል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት በእጃችን ያለውን እንይ። እንዲህ ያለ የአይፒ አድራሻ 32 ቢት ነው። /24 ማለት የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አይነኩም ማለት ነው። የቀሩት 8 ቢቶች የእኛ ናቸው። ስምንት ቢት ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ ማለትም 256 አድራሻ። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቀያየረው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ «64» ስል 192.168.10.64 ማለቴ ነው።

ይህን 256 እንደ ዳቦ በፈለግነው ቦታ አንቆርጠውም። የሚቆረጠው በሁለት እየተከፈለ ነው፤ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ሁለት አድራሻ ይቀነሳል። የመጀመሪያው የሳብኔቱ ስም ነው፤ የመጨረሻው ለብሮድካስት፣ ማለትም በሳብኔቱ ላሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚላክ መልእክት ነው። እናም ባለ 64ቱ 62 መሣሪያ ይይዛል፤ ባለ 32ቱ 30፣ ባለ 16ቱ 14፣ ባለ 8ቱ 6፣ ባለ 4ቱ 2።

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው እኩል ማካፈልን ነበር፤ ራሱ ተወው። ምክንያቱም ትክክል ነበር። በአራት ቢያካፍለው እያንዳንዱ ክፍል ባለ 64 ይደርሰዋል፤ ለራውተሮቹ መስመር ግን ምንም አይተርፍም። በስምንት ቢያካፍለው ደግሞ እያንዳንዱ ባለ 32 ይሆናል፤ 54 መሣሪያ ያለው ሽያጭ አይገባም። ስለዚህ መጠናቸው የተለያየ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ይህን ማየቱ ደስ አሰኘኝ። ብዙ ጀማሪ እኩል ማካፈሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በማግስቱ ያመጣው ወረቀት ይህን ይመስል ነበር።

```
ሂሳብ      0 - 15     /28
ቴክኒክ     16 - 47    /27
ሽያጭ      48 - 111   /26
አስተዳደር   112 - 119  /29
```

በሥራ አስኪያጁ ዝርዝር ቅደም ተከተል ነው የሄደው። አንዱ ካበቃበት ሌላውን ጀመረ። ለዓይን ምንም ስህተት የለውም። ቁጥሮቹ አይደራረቡም፤ መካከላቸው ክፍተትም የለም። እኔም ወዲያው «ተሳስተሃል» አላልኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለችው የመለማመጃ ራውተር ጠቆምኩትና «እሷ ትንገርህ፤ አስገባው» አልኩት።

ሂሳብን ያለ ችግር ተቀበለችው። ቴክኒክ ላይ ስንደርስ ይህ መጣ።

```
R1(config-subif)# ip address 192.168.10.17 255.255.255.224
% 192.168.10.0 overlaps with GigabitEthernet0/0.10
```

ልጁ ግራ ተጋባ። «ጋሼ፣ እኔ 16 ነው ያልኳት፤ 0ን ከየት አመጣችው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መልእክቱ ውስጥ ቁልፉ ያ 0 ነው። ራውተሯ የልጁን ወረቀት አላየችም። ያየችው አድራሻውንና ማስኩን ብቻ ነው፤ ማስክ ማለት ከአድራሻው ስንት ቢት እንደማይነካ የሚናገረው 255.255.255.224 ነው። ከእነዚህ ሁለቱ የሳብኔቱን መጀመሪያ ራሷ ታሰላዋለች። እንዴት እንደምታሰላው ወረቀት ላይ ጻፍንለት።

```
17   = 00010001
224  = 11100000
-----------------
ውጤት  = 00000000  = 0
```

ላይና ታች 1 በሆነበት ቦታ ብቻ 1 ይወርዳል፤ ሌላው ሁሉ 0 ነው። 224 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቢቶች ብቻ ይመለከታል። በ17 ውስጥ እነዚያ ሦስት ቢቶች ሁሉም 0 ናቸው። ስለዚህ 17 በባለ 32 ማስክ ሲታይ ከ0 እስከ 31 ባለው ሳብኔት ውስጥ ነው የሚኖረው። ከ0 እስከ 15 ያለው ደግሞ አስቀድሞ ለሂሳብ ተሰጥቷል። ራውተሯ ተደራረበ ያለችው ለዚህ ነው። ልጁ በልቡ የያዘው «ከ16 እስከ 47» የሚባል ሳብኔት ከመነሻው የለም። ባለ 32 ሳብኔት ከ0፣ ከ32፣ ከ64፣ ከ96 እያለ ነው የሚነሳው። ከ16 የሚነሳ የለም።

ይህን በእጅ ለመፈተሽ ሁለትዮሽ መጻፍ እንኳ አያስፈልግም። መነሻውን ለመጠኑ አካፍል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ መነሻው ልክ ነው። 16 ለ32 አይካፈልም። የሽያጩ 48ም ለ64 አይካፈልም። የአስተዳደሩ 112 ግን ለ8 ልክ 14 ጊዜ ይካፈላል፤ እሱ በአጋጣሚ ደህና ነበር። ልጁ በራሱ ወረቀት ላይ ሦስቱን አካፍሎ ሁለቱን በቀይ ሰረዘ።

አንድ ነገር ልጨምር። ራውተሯ የተናገረችው ሁለቱም ሳብኔቶች እሷ ላይ ስለነበሩ ነው። አንዱ ሌላ ራውተር ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀበሉ ነበር። ስህተቱም የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ሲያጣ ነው። ወረቀት ላይ ማካፈሉን የማልተወው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የቅደም ተከተል ለውጥ ነው፤ ከትልቁ መጀመር። ትልቁ ከ0 ይነሳል። 0 ለሁሉም ይካፈላል። ትልቁ ሲያበቃ የሚቀጥለው ቁጥር የትልቁ ብዜት ነው፤ የትልቁ ብዜት ደግሞ የትንሹም ብዜት ነው፤ 64 ለ32ም ለ16ም ይካፈላልና። ስለዚህ ከትልቅ ወደ ትንሽ እስከወረድን ድረስ መነሻው ራሱ ልክ ይመጣል። ልጁ እንደገና ሠራው። ሽያጭ ከ0 እስከ 63፣ ቴክኒክ ከ64 እስከ 95፣ ሂሳብ ከ96 እስከ 111፣ አስተዳደር ከ112 እስከ 119።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ቀርቶት ነበር።

የመጀመሪያው አስተዳደር ላይ ነው። 6 መሣሪያ አለ፤ ባለ 8ቱ 6 ይይዛል፤ ልክ ገጠመ። ግን ጌትዌዩስ? ጌትዌይ ማለት ራውተሩ በዚያ ሳብኔት ውስጥ የሚይዘው አድራሻ ነው። እሱም ከዚያው ከ6ቱ ይወስዳል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 7 ነው፤ ባለ 8ቱ ደግሞ 7 አይይዝም። በተግባር ቢሠራ ኖሮ ከስድስቱ አንዱ መሣሪያ አድራሻ ያጣ ነበር። ምናልባትም በየቀኑ የተለያየ መሣሪያ፤ ጠዋት ዘግይቶ የገባው ነው የሚያጣው። እንዲህ ዓይነቱን ብልሽት መፈለግ ያሰለቻል፤ ምክንያቱም ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ አይሠራም፤ ያልሠራው ደግሞ ይሠራል። አስተዳደር ወደ ባለ 16 አደገ።

ሁለተኛው ቴክኒክ ላይ ነው። 27 መሣሪያ ከጌትዌዩ ጋር 28 ነው። ባለ 32ቱ 30 ይይዛል። ይበቃል፤ ግን ሁለት ብቻ ነው የተረፈው። «ሥራ አስኪያጁን ስለ ሚቀጥለው ዓመት ጠይቀሃቸዋል?» አልኩት። አልጠየቀም። ሄዶ ጠየቀ። ሲመለስ ፊቱ ላይ መልሱ ነበር፤ ቴክኒክ ክፍል አምስት ሰው ሊቀጥር ነው። 27 እና 5 እና ጌትዌዩ 33። ባለ 32ቱ አይበቃም። ሽያጭ ግን ሰው አይጨምርም። ሂሳብም አስተዳደርም እንደዚያው።

ይህ ጥያቄ ዕቅዱን በሙሉ ቀየረው። ቴክኒክ ባለ 64 ሆነ። እሱ ሲያድግ ከኋላው ያሉት ሁሉ ተገፉ። ወረቀት ላይ መግፋት የላጲስ ሥራ ነው። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ቢሆን ኖሮ ግን የሂሳብንና የአስተዳደርን መሣሪያ ሁሉ አድራሻ መቀየር፣ የፕሪንተሮቹን ቅንብር መንካት፣ የራውተሩን መስመር ማስተካከል ይመጣ ነበር። በእኔ እምነት ከሙሉ ልምምዱ ትልቁ ነገር ከስሌቱ ይልቅ ይህ ጥያቄ ነው።

የመጨረሻው ዕቅድ ይህ ነው።

```
ክፍል      ፍላጎት  ሳብኔት              ጌትዌይ  ብሮድካስት
ሽያጭ      55    192.168.10.0/26     .1    .63
ቴክኒክ     33    192.168.10.64/26    .65   .127
ሂሳብ      12    192.168.10.128/28   .129  .143
አስተዳደር   7     192.168.10.144/28   .145  .159
መስመር     2     192.168.10.252/30   -     .255
```

ፍላጎት ያልነው መሣሪያዎቹና ጌትዌዩ አንድ ላይ ናቸው። የራውተሮቹን መስመር ሆን ብለን ከመጨረሻው ጫፍ አስቀመጥነው። ክፍሎቹ ከታች ወደ ላይ ያድጋሉ፤ ትናንሾቹ መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይመጣሉ። መሃሉ ላይ ከ160 እስከ 251 ያለው ባዶ ነው፤ 92 አድራሻ። ግን አሁንም እንዳንሳሳት፤ ይህ 92 እንደ አንድ ቁራጭ አይሰጥም። ከ160 የሚነሳ ባለ 32 አለ፤ ከ192 የሚነሳ ባለ 32 አለ፤ ከዚያ ከ224 ባለ 16፣ ከ240 ባለ 8፣ ከ248 ባለ 4። ባለ 64 ሳብኔት ከዚህ ውስጥ አይወጣም፤ ከ192 ቢነሳ እስከ 255 ይሄድና መስመራችንን ይደርባል።

ልጁ እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ አነሳ። የድሮ መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሳብኔት አይሠራባቸውም የሚል አንብቦ ነበር። ያ የቀድሞ ደንብ ነው። የዛሬ መሣሪያዎች ሁለቱንም ያለ ችግር ይቀበላሉ፤ እኛም ሁለቱንም ተጠቅመናል።

ማስኩን ለመጻፍ አቋራጭ አለ። 256 ሲቀነስ መጠኑ ነው። ባለ 64 ከሆነ 192፣ ባለ 16 ከሆነ 240፣ ባለ 4 ከሆነ 252። ልጁ ይህን ሲሰማ ቀደም ሲል በቃሉ ያጠናውን ሰንጠረዥ ተወው።

ዋናው ራውተር ላይ አንድ የትእዛዝ መስመር ብቻ ተጨመረ። አስተዳደር በሌላኛው ራውተር በኩል እንዳለ ካልተነገረው አያውቀውምና።

```
ip route 192.168.10.144 255.255.255.240 192.168.10.254
```

254 የዚያኛው ራውተር የመስመር አድራሻ ነው፤ የእኛው 253 ነው። የአስተዳደሩ ራውተር ደግሞ ሌላውን ሁሉ ወደ 253 እንዲልክ ተደረገ።

ዝውውሩ ሠራተኛ በሌለበት በዕረፍት ቀን ተሠራ። አብዛኛው መሣሪያ አድራሻውን ከዲኤችሲፒ፣ አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት፣ ስለሚወስድ ራሱ ተስተካከለ። በእጅ የተሞሉት ጥቂት ነበሩ፤ ልጁ እየዞረ ቀየራቸው።

በሥራ ቀን ጠዋት ከሂሳብ ክፍል አንዲት ሠራተኛ ደወለች። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ ይሠራልኛል። ከጎኔ ያለው ፕሪንተርም ያትማል። ፋይል ሰርቨሩ ግን ጭራሽ የለም» አለች። ሌሎቹ የሂሳብ ሠራተኞች ሰርቨሩን ያገኙታል። ሰርቨሩ ቴክኒክ ክፍል ነው፤ አድራሻው 70። ከልጁ ጋር አብረን ሄድን። እሱ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ቆምኩ።

```
C:\> ping 192.168.10.70
Reply from 192.168.10.133: Destination host unreachable.
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አልተገኘም» የሚለውን አንብቦ ወደ ሰርቨሩ ይሮጣል። ማን እንደመለሰ ማየት ነው የሚሻለው። 133 የራሷ ኮምፒውተር ነው። ራውተሩ አይደለም፤ ሰርቨሩም አይደለም። ኮምፒውተሩ ለራሱ ነው የመለሰው፤ «ሰፈሬ ውስጥ ጠራሁት፤ አቤት የሚል የለም» እያለ። ታዲያ 70ን ለምን ሰፈሩ ውስጥ ይፈልገዋል? ሰርቨሩ እኮ ሌላ ሳብኔት ላይ ነው፤ ወደ ጌትዌዩ መላክ ነበረበት።

ልጁ ትንሽ አሰበና `ipconfig` ጻፈ። አድራሻው 133፤ ልክ ነው። ጌትዌዩ 129፤ ልክ ነው። ማስኩ ግን 255.255.255.0። የድሮው። በእጅ ከተሞሉት አንዱ ነበር። አድራሻውንና ጌትዌዩን ቀይሮ ማስኩን ሳይነካው አልፏል። ዊንዶውስም አልተቃወመም፤ በዚያ ማስክ 133 እና 129 አንድ ሰፈር ናቸውና።

ምልክቶቹ ሁሉ ከዚህ ይፈታሉ። በድሮው ማስክ ከ0 እስከ 255 ያለው ሁሉ ለዚህ ኮምፒውተር ጎረቤት ነው። ኢንተርኔት ከዚያ ውጭ ስለሆነ ወደ ጌትዌዩ ይልከዋል፤ ይሠራል። ፕሪንተሩ እውነትም ጎረቤት ነው፤ ይሠራል። ሰርቨሩ ግን ጎረቤት ሳይሆን ጎረቤት መሰለው። ሩቁ እየሠራ የራስ ድርጅት ሌላ ክፍል ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ ማስኩን እዩ።

አንዳንድ ራውተር ግን ይህን ስህተት ይሸፍነዋል። ኮምፒውተሩ 70ን ሲጠራ ራውተሩ በሰርቨሩ ፈንታ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልስና መልእክቱን ያደርስለታል። ፕሮክሲ አርፕ ይባላል። በእኛ ራውተር ላይ ተዘግቶ ስለነበር ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ወጣ። ክፍት ቢሆን ኖሮ የተሳሳተው ማስክ ራውተሩ እስኪቀየር ድረስ ማንም ሳያውቀው ይቆይ ነበር።

ማስኩ 255.255.255.240 ሆነ። ሰርቨሩ መጣ። ልጁ ግን በዚህ አላበቃም፤ በእጁ የሞላቸውን ሁሉ እንደገና ዞሮ አየ። አንድ ፕሪንተር ላይም ያንኑ የድሮ ማስክ አገኘ። ያ ፕሪንተር ከሂሳብ ክፍል ውጭ ያዘዘው ስላልነበረ እስከዚያ ሰዓት ማንም አልተናገረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለእንግዶች የሚሆን ዋይፋይ ተጠየቀ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ስልክና ላፕቶፕ። ልጁ እኔ ዘንድ ሳይመጣ በፊት ዕቅዱ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ጨምሮ ነበር። 192.168.10.160/27፣ ጌትዌይ 161፣ ብሮድካስት 191። ከጎኑ በትንሹ «20+1=21፤ 160÷32=5» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ «ሥራ አስኪያጁን ጠይቄያለሁ፤ ከ20 አይበልጥም» ይላል። አንብቤ ፈረምኩበት፤ ራውተሩ ላይ ሊያስገባው ሄደ።